የሚሲዮን መዛግብትን ይዘው «ሃይማኖት ለወጡ» ብለው ከመደምደምዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

በቅኝ ግዛት ዘመን ስለነበረ ትምህርትና ስለ ሃይማኖት ለውጥ የሚጻፍ ጥናት አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው ሚሲዮናውያን ባስቀመጡት ወረቀት ላይ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የተማሪውን ስም፣ የተጠማቂውን ቁጥር፣ የመምህሩን ደመወዝና የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ በቀን በቀኑ አሰናድቶ ያቆየ ከሚሲዮኑ በላይ የለም። አሳሳቹም ይኸው ስንዱነት ነው። ወረቀቱ በቅደም ተከተል ስለተቀመጠ የታሪኩም ቅደም ተከተል ያ ይመስላል፤ ሚሲዮኑ «ከሃዲ» ብሎ በአንድ ዓምድ ያሰፈራቸው ሰዎችም በጥናታችን ውስጥ እንደዚያው ከሃዲ ሆነው ይገባሉ።

ይህንን በአንድ ጉዳይ ላይ ማየት ይሻላል። የመረጥሁት በ1929 በኬንያ በኪኩዩ ሕዝብ ዘንድ የተነሣውን ውዝግብ ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መሬትና የሴት ልጅ ግርዛት በአንድ ጊዜ የተጋጩበት ነው። የመዛግብቱ ብዛት ደግሞ ለተመራማሪ የሚያጓጓ ነው።

መጀመሪያ የሆነውን ባጭሩ ይያዙ

የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ናይሮቢ አጠገብ በምትገኘው ቶጎቶ የሰፈረው በ1898 ነው። ከአሥር ዓመት ያህል በኋላ በስተ ሰሜን ቱሙቱሙ ላይ ሁለተኛ ጣቢያ ከፈተ። ከሁለቱ ጣቢያዎች ዙሪያ በየመንደሩ ብዙ ትንንሽ ትምህርት ቤቶች ተተከሉ። ቤቱን የሚሠራው የመንደሩ ሰው፣ ቦታውን የሚሰጠው የጎሣው ሽማግሌ፣ የሚያስተምረው ደግሞ በሚሲዮኑ የሠለጠነ ኪኩዩ ነበር።

ሚሲዮኑ የሴት ልጅ ግርዛትን በመቃወም ለዓመታት አስተምሯል። በ1929 መጋቢት ቱሙቱሙ ላይ የተሰበሰቡ የአብያተ ክርስቲያናት ተወካዮች ልማዱን የሚፈጽም አባል በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንዲቀጣ ወሰኑ። በ1924 የተመሠረተውና ስለ መሬት መብት የሚሟገተው የኪኩዩ ማዕከላዊ ማኅበር ይህን ተቃወመ። በዚያው ዓመት መኸር ላይ የቶጎቶው የሚሲዮን አለቃ ዶክተር ጆን አርተር የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችና መምህራን ግርዛትንም ማኅበሩንም እንደማይደግፉ በፊርማ ወይም በአውራ ጣት አሻራ እንዲያረጋግጡ ጠየቀ። እንቢ ያለ መምህር ሥራውን አጣ። በብዙ መንደሮች ትምህርት ቤቱም ጸሎት ቤቱም ባዶ ቀረ። ከዚህ በኋላ ባሉት ዓመታት የኪኩዩ ነጻ ትምህርት ቤቶች ማኅበርና የኪኩዩ ካሪንጋ የትምህርት ማኅበር የሚባሉ ድርጅቶች ብቅ አሉ።

ግርዛቱ በሴቶች አካልና ሕይወት ላይ ጉዳት የሚያደርስ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ የሚሲዮኑ ሐኪሞች በወሊድ አልጋ ላይ ያዩትን ሲጽፉም ያዩትን ነው የጻፉት። የሰነድ ትችት ይህን መካድ አይደለም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ከትምህርት ቤት የወጣው ልጅና ከቤተ ክርስቲያን የቀረው አባት የወጡትና የቀሩት በእርግጥ ወረቀቱ በሚለው ምክንያት ነው ወይ?

ወረቀቱ ለማን እንደተጻፈ ያውቃሉ?

የስኮትላንድ ሚሲዮን ከ1908 ጀምሮ «ኪኩዩ ኒውስ» የሚባል መጽሔት ያሳትም ነበር። አንባቢዎቹ ስኮትላንድ ያሉ ምእመናን ናቸው፤ ገንዘብ የሚያዋጡ፣ ለአንድ አልጋ ወይም ለአንድ መምህር ወጪ የሚሸፍኑ ሰዎች። ስለዚህ መጽሔቱ የሚነግረን ለጋሹ ተስፋ ሳይቆርጥ ችግሩንም እንዲረዳ በሚያደርግ መንገድ የተመረጠውን ነው። «ጥቂቶቹ ታማኞች ጸንተዋል» የሚል ዘገባ ካገኙ፣ የተጻፈው ለማጽናናት መሆኑን አይርሱ።

ያው ሚሲዮናዊ በዚያው ሳምንት ለሥራ ባልደረባው የላከው ደብዳቤ ግን ድካሙን፣ ቁጣውንና ከሌሎቹ ሚሲዮናውያን ጋር ያለውን አለመግባባት ይዞ ሊገኝ ይችላል። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ቃለ ጉባኤ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል፤ በውስጡ ማን እንደተከሰሰ፣ ምን ብሎ እንደመለሰ፣ ስንት ወር ከቁርባን እንደታገደ በደረቁ ይሰፍራል። ሦስቱን ጎን ለጎን ሳያደርጉ አንዱን ብቻ መጥቀስ የለብዎትም።

በጣም የሚጠቀሰው ሰነድ የሚሲዮኑ ምክር ቤት በ1931 ስለ ሴት ልጅ ግርዛት ያዘጋጀው ማስታወሻ ነው። ምቹ ነው፤ ታሪኩን ከመነሻው ጀምሮ ይተርካል፣ ቀን ይጠቅሳል፣ ቁጥር ይሰጣል። ነገር ግን የተጻፈው ነገሩ ከተበላሸ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሚሲዮኑ በሰፊው በሚተችበት ጊዜ ነው። ውሳኔው ከአፍሪካውያን ክርስቲያኖች ራሳቸው የመነጨ እንጂ ከውጭ የተጫነ አለመሆኑን ለማሳየት ይጥራል። ውሸት ነው ማለት አይደለም፤ የቱሙቱሙን ውሳኔ አጥብቀው የደገፉ የኪኩዩ ሽማግሌዎች በእርግጥ ነበሩ። ይሁን እንጂ የመከላከያ መልስ ነውና የቀን ቅደም ተከተሉን ከ1929ኙ ቃለ ጉባኤዎች ጋር ሳያመሳክሩ እንደ ዜና መዋዕል አይውሰዱት።

አርተር ራሱም የሚሲዮን አለቃ ብቻ አልነበረም። በ1924 በቅኝ ግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት የአፍሪካውያንን ጥቅም እንዲወክል በመንግሥት የተሾመ ሰው ነበር። የእርሱን ደብዳቤ ሲያነቡ ፓስተሩ፣ ሐኪሙና የምክር ቤቱ አባል በአንድ እጅ እንደሚጽፉ ያስተውሉ። ለመንግሥት በጻፈው ላይ የማኅበሩ ፖለቲካ ጎልቶ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ በጻፈው ላይ የእምነት ፈተና ጎልቶ ቢያገኙ፣ ልዩነቱ ራሱ ለጥናትዎ ማስረጃ ነው።

ቁጥሩ ምን እንደቆጠረ አረጋግጠዋል?

ብዙ ጥናቶች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው። አሁን የምሰጠው ቁጥር ለማሳያ ብቻ የተበጀ ነው። በኪኩዩ አገር በኪያምቡ አውራጃ አንዲት የመንደር ትምህርት ቤት በመስከረም 1929 ላይ 120 ተማሪ፣ በኅዳር 14፣ በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ላይ 90 እንዳላት ከሚሲዮኑ ሪፖርት አገኙ እንበል። የሚጣደፍ ጸሐፊ «ከመቶ ሰማንያ ስምንቱ በግርዛቱ ምክንያት ክርስትናን ተዉ፤ በኋላም አብዛኞቹ ተመለሱ» ብሎ ይጽፋል። ዓረፍተ ነገሩ ያምራል፤ ከቁጥሮቹ ውስጥ ግን አንዱም ይህን አይልም።

መጀመሪያ 120 ምንድን ነው? የተመዘገበ ነው ወይስ በዕለቱ የተገኘ? የመንግሥት ድጎማ ለሚሲዮን ትምህርት ቤቶች በሚሰጥበት ሥርዓት ውስጥ ትልቅ መዝገብ ማሳየት ጥቅም አለው። የስም ጥሪው መዝገብ ካለ፣ ከቀውሱ በፊትም በየቀኑ የሚገኙት ሰባ ብቻ እንደነበሩ ሊያሳይዎ ይችላል። ያን ጊዜ መውደቁ ከ120 ወደ 14 ሳይሆን ከ70 ወደ 14 ይሆናል፤ አሁንም ትልቅ ነው፣ ግን ሌላ ነው።

ቀጥሎ መምህሩን ይፈልጉ። ፈረመ ወይስ አልፈረመም? ካልፈረመና ከተባረረ፣ 14 ማለት አስተማሪ በሌለበት ቤት የተቀመጡ ልጆች ናቸው። ልጆቹ ከሃይማኖት አልወጡም፤ መምህራቸውን ተከትለው ከዛፍ ሥር ወይም ከሌላ ጎጆ ተምረው ሊሆን ይችላል። የሚሲዮኑ መዝገብ ይህን ሁለተኛውን ጎጆ አይቆጥርም፤ የእርሱ አይደለምና። የአውራጃው ኮሚሽነር ፋይል ግን «ያለ ፈቃድ የተከፈተ ትምህርት ቤት» ብሎ መዝግቦት ይገኛል።

ሦስተኛ፣ በሰኔ የተገኙት 90ዎቹ እነማን ናቸው? በመስከረሙ ዝርዝር ላይ ከነበሩት ስሞች ስንቶቹ አሉ? ስም በስም ካልተመሳከረ «ተመለሱ» የሚለው ቃል መሠረት የለውም። አዲስ ትናንሽ ልጆች ገብተው፣ ትልልቆቹ ወጥተው ከቀሩ፣ የታየው መመለስ ሳይሆን የትውልድ መተካት ነው። የኪኩዩ ስም እዚህ ላይ ያስቸግራል፤ አንድ ልጅ ከጥምቀት በፊት በአያቱ ስም፣ ከጥምቀት በኋላ በመጽሐፍ ቅዱስ ስም ይጻፋል። የአባት ስም፣ የመንደርና የጎሣ ምልክት እያያያዙ መፈለግ ግድ ነው።

አራተኛ፣ ከሃይማኖት ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ምክንያት አለ። በ1928 እና በ1929 ኬንያ ድርቅና አንበጣ ወርዶባታል። የራበው ቤት ልጁን ከብት ያስጠብቃል፣ አንበጣ ያስባርራል፣ ለሥራ ወደ ነጭ እርሻ ይልካል። ከዚህ ውጪ የአቅመ አዳም ሥርዓት የሚፈጸምበት የዓመቱ ወቅት ራሱ በማንኛውም ዓመት ታዳጊዎችን ከትምህርት ቤት ያስቀራል። ይህን የሚፈትኑበት ቀላል መንገድ አለ፤ ያው መዝገብ በ1927 እና በ1928 በተመሳሳይ ወራት ምን እንደሚያሳይ ያውጡ፤ ቀጥለውም ግርዛትን ለአባልነት መፈተኛ ያላደረገ ሚሲዮን የያዘው ትምህርት ቤት በዚያው ወረዳ በዚያው ኅዳር ምን እንደሆነ ያስተያዩ።

ለዚህ ማወዳደሪያ ዕድለኛ ነዎት። የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ፊርማውን አልጠየቁም። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን እንደ ስኮትላንዱ የጠበቀ አቋም አልያዘም፤ በየጣቢያው ያለው አያያዝ ይለያይ ነበር፤ ያጣው ሰውም ያነሰ ነው። በኪጃቤ የነበረው የአፍሪካ ኢንላንድ ሚሲዮን ደግሞ ከስኮትላንዶቹ ጎን ቆመ። በረሃብ የመጣ መቅረት ካቶሊኩንም ይነካል፤ በፊርማ የመጣው ግን አይነካውም። የካቶሊኩ መዝገብ በዚያ ኅዳር ከፍ ብሎ ካገኙት ደግሞ፣ «ክርስትናን ተዉ» ካሏቸው መካከል ጥቂቶቹ ቤተ ክርስቲያን ቀይረው ሊሆን ይችላልና ስሞቹን ያመሳክሩ።

አሻራው ስለ ሃይማኖት ብቻ ነበር?

ሚሲዮናዊው አሻራውን የእምነት መግለጫ አድርጎ ነው የመዘገበው። አሻራ የተጠየቀው ሰው ግን አሻራን ከሌላ ቦታ ያውቀዋል። ከ1920 አካባቢ ጀምሮ እያንዳንዱ ጎልማሳ አፍሪካዊ ወንድ የጣት አሻራው ያለበትን የሥራ መታወቂያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እንዲዞር ተገድዶ ነበር። የኪያምቡ ሰው መሬቱን በወረቀት ለነጭ ሰፋሪ ያጣ ሰው ነው። ስለዚህ «እዚህ ወረቀት ላይ አውራ ጣትህን አሳርፍ» ሲባል መሬት ሊወሰድ ነው ብሎ ቢጠረጥር የሚገርም አይደለም፤ ይህ ወሬም በሰፊው ተሰራጭቷል። ሚሲዮኑ ወሬውን «የማኅበሩ ቅስቀሳ» ብሎ ሲመዘግብ፣ ጥናትዎ እዚያው ላይ ማቆም የለበትም።

የትምህርት ቤቱ ቦታም አለ። ጎሣው ለማስተማሪያ ብሎ ያዋሰውን ቦታ ሚሲዮኑ በመንግሥት ፈቃድ የራሱ አድርጎ ይቆጥር ነበር። ክፍፍሉ ሲመጣ ቤቱን በእጃቸው ጭቃ የመረጉት ሰዎች «ሕንፃው የኛ ነው» አሉ። ይህ ክርክር በሚሲዮኑ መጽሔት ላይ «ዓመፅ» ሆኖ ይታያል፤ በአውራጃው ፋይል ውስጥ ግን የቦታ አቤቱታ ሆኖ፣ የሽማግሌዎች ስምና ምስክርነት ተያይዞበት ይገኛል።

የነጻ ትምህርት ቤቶቹ ጥያቄዎች ሲነበቡ ደግሞ እንግሊዝኛ በታችኛው ክፍል ይጀመር የሚለው ጎልቶ ይታያል። የቅኝ ግዛቱ የትምህርት መርሕ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መጀመርንና የእጅ ሙያን ያጠብቅ ስለነበር ወላጆቹ ልጆቻችን ሆን ተብሎ ወደ ኋላ ተይዘዋል ብለው ያምኑ ነበር። ትምህርት ቤቱን ራሳችን እንምራ የሚለው ሙከራ ከ1929 ቀድሞ መጀመሩንም አይርሱ። ውዝግቡ ያንን ፍላጎት አሰፋው እንጂ አልፈጠረውም፤ መዝገቡን ከ1929 ከከፈቱት ግን የፈጠረው ይመስልዎታል። ከ1920 ገደማ ጀምረው ያንብቡ።

የወጡት ሰዎች ወዴት ሄዱ?

ይህን ጥያቄ የሚሲዮኑ ወረቀት አይመልስም፤ ሰው ከደጃፉ ሲወጣ ይመዘግባል፣ ከዚያ በኋላ አይከተለውም። «ወደ አረማዊነት ተመለሱ» የሚለው አባባል የተወለደው ከዚህ ክፍተት ነው።

ሆኖም የተከተለውን እናውቃለን። የተነጠሉት ሰዎች ልጆቻቸውን የሚያጠምቅ ካህን አጡ። በ1935 የአፍሪካ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የነበረው ዳንኤል ዊልያም አሌክሳንደር ከደቡብ አፍሪካ ተጠርቶ መጣ፤ እስከ 1937 ቆይቶ ካህናት አሠለጠነ፣ ሾመም። ከዚያ ሁለት ጅረት ወጣ፤ አንዱ ከነጻ ትምህርት ቤቶች ማኅበር ጋር የተሳሰረው የራሱን ነጻ ቤተ ክርስቲያን ይዞ ቀጠለ፤ ሌላው ከካሪንጋ ማኅበር ጋር የተሳሰረው በ1946 በእስክንድርያው የግሪክ ኦርቶዶክስ ፓትርያርክ ሥር ገባ። (ለእኛ አንባቢ እስክንድርያ ሲባል ቶሎ የሚታወሰን የቅብጡ መንበር ነው፤ ይህ ሌላው ነው።) ክርስትናን የተወ ሕዝብ ካህን ፍለጋ እስከ ደቡብ አፍሪካ አይልክም። በጥናትዎ ላይ «የሃይማኖት ለውጥ» ሲሉ የትኛውን ማለትዎ እንደሆነ፣ ከእምነት መውጣትን ወይስ ከሚሲዮኑ ሥልጣን መውጣትን፣ ከመግቢያው ጀምሮ ይለዩት።

የተቃዋሚው ድምፅ በማን እጅ አልፎ ደረሰዎ?

በ1929 መጨረሻ ሙትሪጉ የሚባል የዘፈንና የጭፈራ ዓይነት በኪኩዩ አገር ተቀጣጠለ። አርተርን፣ ሹማምንቱንና ፈራሚዎቹን ይሰድባል፣ ስለ መሬትም ይናገራል። መንግሥት በ1930 መጀመሪያ ከለከለው። ዛሬ በፋይል የምናገኘው ግጥም አብዛኛው በሹማምንት፣ በፖሊስና በሚሲዮናውያን እጅ ተሰብስቦ በእንግሊዝኛ የተተረጎመ ነው። የሰበሰቡት ለክስ ነበር፤ ስለዚህ የሚያስከስሰውን ስንኝ መረጡ። ስድቡ ተረፈ፤ ምናልባት የጨዋታው፣ የፍቅሩ፣ የቀልዱ ስንኝ ቀረ። እንደ ሕዝቡ ሙሉ ድምፅ ሳይሆን ከሳሽ እንደመረጠው ናሙና ይጥቀሱት።

በጥር 1930 በኪጃቤ ኸልዳ ስተምፍ የተባለች አረጋዊት አሜሪካዊት ሚሲዮናዊት ተገደለች። ወዲያው ግድያው ከውዝግቡ ጋር ተያያዘ፤ ስለ አሟሟቷም አሰቃቂ ዝርዝር ተሰራጨ። የተከሰሰው ሰው ግን በነጻ ተለቀቀ፤ ገዳዩም ሳይረጋገጥ ቀረ። ከዚያ በኋላ የተጻፉ የሚሲዮን ጽሑፎች የ1929ኙን ክስተት በዚህ ሞት መነጽር ስለሚያዩት፣ ከጥር 1930 በፊትና በኋላ የተጻፈውን ለይተው ይያዙ። ልዩነቱ በቃላቱ ኃይል ጭምር ይታወቃል።

ሴቶቹስ?

በአርተር ደብዳቤ፣ በማኅበሩ መግለጫና በኮሚሽነሩ ሪፖርት ስለ ሴት ልጅ አካል የሚከራከሩት ወንዶች ናቸው። በጆሞ ኬንያታ በ1938 በታተመው የኪኩዩ ባህል መጽሐፍም ያው ነው፤ እርሱም የቶጎቶው ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። ሴቶቹ የሚገኙት በጠርዝ ላይ ነው፤ ከሚሲዮኑ የልጃገረዶች ማደሪያ ከጠፉት ስሞች፣ አባት ልጁን ለማስወጣት ከመጣበት ቀን ማስታወሻ፣ ከሆስፒታሉ የወሊድ መዝገብ።

አንድ ጠንካራ ሰነድ ግን አለ። «ንጎ ያ ቱይሪቱ»፣ የልጃገረዶች ጋሻ እንደማለት፣ የተባሉ ከሚሲዮኑ ጋር የቀረቡ ኪኩዩ ሴቶች በ1931 ገደማ ለአካባቢው ምክር ቤት ጽፈዋል፤ የማይወልዱና ሕመሙን የማያውቁ ወንዶች በእኛ ጉዳይ ይናገራሉ ብለው ወቅሰዋል። እዚህም ላይ ማን እንደጻፈው፣ በየትኛው ቋንቋ እንደተጻፈና ማን እንደተረጎመው መጠየቅ አለበት። ነገር ግን «ሚሲዮኑ ነው ያስጻፋቸው» ብሎ መጣልም ሴቶቹን ዳግመኛ ዝም ማሰኘት ነው። አዛምደው ይጥቀሱት፤ ያልፈረሙት መንደሮች ሴቶች ሌላ ሊያስቡ እንደሚችሉም ያስታውሱ።

ወደ መዝገብ ቤት ሲሄዱ

ፋይሎቹ በአንድ ቦታ አይደሉም። የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን የውጭ ሚሲዮን ደብዳቤዎች ኤድንብራ፣ በስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ናቸው፤ የአርተር ወረቀቶች በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። የእንግሊዙ ሚሲዮን መዛግብት በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ናቸው። የአውራጃ ሪፖርቶች ናይሮቢ፣ በኬንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ፤ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያንም በኬንያ የራሷ መዝገብ አላት።

ገንዘብና ጊዜ ለአንዱ ብቻ የሚበቃዎ ከሆነ ናይሮቢን ይምረጡ። ወደ ኤድንብራ የሄደው ወረቀት ለኤድንብራ የተጻፈው ነው፤ የመምህራን ደብዳቤ፣ የቦታ አቤቱታና የስም ጥሪ መዝገብ የቀረው እዚያው ኬንያ ነው። አንዳንዱ በኪኩዩኛ ስለተጻፈ ቋንቋውን የሚያውቅ አንባቢ አስቀድመው ያግኙ፤ ክፍያውንም በጥናት በጀትዎ ላይ ከመጀመሪያው ያስገቡ። ኤድንብራ ብቻ የሚያዛልቅዎ ከሆነ ደግሞ ርዕስዎን ይቀይሩ፤ «የኪኩዩ ሕዝብ የሃይማኖት ለውጥ» የሚለውን «የስኮትላንድ ሚሲዮን የ1929ኙን ቀውስ ለደጋፊዎቹ ያስረዳበት መንገድ» ያድርጉት። ለዚህኛው ርዕስ «ኪኩዩ ኒውስ» እና የ1931ዱ ማስታወሻ የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ ናቸው።